የሬጊና የመቃብር ድንጋይ፦ በስልክ ፎቶ የመጣ የላቲን ጽሑፍ ወደ አማርኛ እንዴት እንደተተረጎመ

## መነሻ

በሰሜን እንግሊዝ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች አማርኛ የምታስተምር አንዲት እናት ተማሪዎቿን ይዛ በሳውዝ ሺልድስ ከተማ የሚገኘውን የአርቤያ የሮማውያን ምሽግ ጎበኘች። በምሽጉ ሙዚየም ውስጥ በወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ምስል ያለበትን የመቃብር ድንጋይ ልጆቹ ከበው ብዙ ጠየቋት፤ እርሷም ከምስሉ በታች ያለውን ጽሑፍ በስልኳ አንስታ ላከችልኝ። ጥያቄዋ አጭር ነበር፦ «ጋሼ፣ ይህን በአማርኛ አድርገህ ብትልክልኝ በሚቀጥለው ቅዳሜ ለልጆቹ አነብላቸዋለሁ።»

ላቲን የተማርኩት በወጣትነቴ በካቶሊክ የዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ሲሆን የዕለት ሥራዬ የሰነድ ትርጉም ነው። ሦስት መስመር ብቻ ስለነበረ በአንድ ምሽት የሚያልቅ መስሎኝ ነበር፤ የወሰደው ግን ሁለት ሳምንት ነው። ጉዳዩን መመዝገብ የፈለግሁት የመጀመሪያው ረቂቄ የተሳሳተው በማላውቃቸው ቃላት ሳይሆን በደንብ አውቃቸዋለሁ ባልኳቸው ቃላት ስለሆነ ነው።

## ድንጋዩ

ድንጋዩ የተገኘው በ1878 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) እዚያው ሳውዝ ሺልድስ ውስጥ ነው። ዓመተ ምሕረት አልተጻፈበትም፤ ተመራማሪዎች ከአሠራሩ ተነሥተው የሁለተኛው ክፍለ ዘመን ነው ይላሉ። ሴትየዋ በተጠለፈ የዘንቢል ሥራ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ የመፍተያ ዕቃ፣ በአንድ ጎኗ የሱፍ መያዣ ዘንቢል፣ በሌላው ጎኗ ደግሞ በእጇ የምትከፍተው የጌጥ ሣጥን አለ። አንገቷና እጆቿ ላይ ጌጥ ይታያል። ፊቷ ግን ተሰብሯል።

## የመጀመሪያው ፎቶ ምን ጎደለው

ፎቶው የተነሣው ከፊት ለፊት በስልኩ ብልጭታ ነበር። በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ፊደል የሚነበበው በቀለሙ ሳይሆን በጥላው ስለሆነ ብርሃን ከፊት ሲመታው ጥላው ይጠፋል፤ የፊደሉ ጉድጓድና የድንጋዩ ገጽ አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። በዚያ ፎቶ «ኢ» እና «ኤፍ» የሚባሉትን የላቲን ፊደላት መለየት አልቻልሁም፤ የመስመሮቹ መጨረሻም በደንብ አይታይም ነበር።

ስለዚህ ሁለተኛ ፎቶ ጠየቅሁ። ብልጭታው ጠፍቶ ሌላ ሰው የስልክ መብራት ከድንጋዩ ግራ ጎን፣ ወደ ገጹ ጠጋ ብሎ አግድም እንዲይዝ፣ ከዚያም መብራቱ ወደ ላይኛው ጎን ዞሮ ያው ፎቶ እንዲደገም ነገርኋት። ሁለት አቅጣጫ የሚያስፈልገው ከግራ የሚመጣ ብርሃን ቋሚ መስመሮችን ሲያጎላ፣ ከብርሃኑ ጋር በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱ መስመሮች ደግሞ ሊሰወሩ ስለሚችሉ ነው። የሙዚየሙ ጠባቂ ሳትነካው እስካበራች ድረስ ፈቀደላት። በተጨማሪም ድንጋዩን በሙሉ፣ ከላይ ጫፍ እስከ ታች ጫፍ የሚያሳይ አንድ ፎቶ ጠየቅሁ።

ከሁሉም የጠቀመው ይኸኛው የመጨረሻው ፎቶ ነው። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ሦስት መስመር ብቻ ነበር፤ በሙሉው ፎቶ ላይ ግን ከላቲኑ በታች የሌላ ፊደል አንድ መስመር አለ። ለምን እንዳስቀረችው ስጠይቃት «ጋሼ፣ ጭረት መስሎኝ ነው፤ ፊደል መሆኑን አላወቅሁም» አለችኝ። በእርሷ አልፈርድም፤ ከላቲን ፊደል ጋር ብቻ የተለማመደ ዓይን ያንን መስመር እንደ ጌጥ ወይም እንደ ጭረት ሊያየው ይችላል።

## ፊደሉን መገልበጥ

ከመተርጎም በፊት እያንዳንዱን ፊደል እንዳለ፣ መስመሩንም ሳልቀይር በወረቀት ገለበጥሁ። በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ የላቲኑ ንባብ እንዲህ ነው፦

ዲ. ኤም. ሬጊና ሊቤርታ ኤት ኮንዩጌ
ባራቴስ ፓልሚሬኑስ ናቲዮኔ
ካቱዋላውና አን. 30

በሮማውያን ጽሕፈት ዛሬ «ዩ» እና «ቪ» ተብለው የሚለዩት ሁለት ፊደላት አንድ ቅርጽ ስለነበራቸው ድንጋዩ ላይ ያለው የ«ቪ» ቅርጽ ብቻ ነው፤ «ፓልሚሬኑስ» በሚለው ውስጥም እንደዚያው። ቁጥሩ ሦስት «ኤክስ» ነው። «ዲ ኤም» የሁለት ቃላት ምሕጻረ ቃል ሲሆን «ዲስ ማኒቡስ» ተብሎ ይነበባል፤ በሮማውያን የመቃብር ድንጋዮች ራስ ላይ እጅግ የተለመደ ስለሆነ ቀራጮች ሙሉውን ለመጻፍ አይደክሙም ነበር። «አን.» ደግሞ «አኖሩም» ማለትም «የ… ዓመት» ለማለት ያጠረ ነው።

አንድ ነገር ወዲያው ታየኝ፦ ግሥ የለም። ማን ምን አደረገ የሚለው በድንጋዩ ላይ አልተጻፈም።

## የተሳሳተው ረቂቅ

ያን ምሽት የጻፍሁት የመጀመሪያ ረቂቅ ይህ ነበር፦ «ለሙታን መናፍስት። ነጻ የወጣችው ንግሥትና ሚስት። ባራቴስ፣ በትውልዱ ፓልሚራዊ። ካቱዋላውና፣ ዕድሜ 30።» በዚህ ውስጥ ሁለት ከባድ ስሕተቶች አሉ።

የመጀመሪያው «ንግሥት» የሚለው ነው። «ሬጊና» በላቲን በእርግጥ ንግሥት ማለት ነው፤ እኔም ቃሉን የማውቀው ለእመቤታችን ከሚደርሱ የላቲን ጸሎቶች ስለሆነ ሌላ ትርጉም አልታየኝም። እዚህ ግን የሴትየዋ ስም ነው። ይህን የሚያሳየው ከእርሱ ቀጥሎ ያለው «ሊቤርታ» የሚለው ቃል ነው፤ ትርጉሙ ከባርነት ነጻ የወጣች ሴት ስለሆነ ንግሥትነት ከእርሱ ጋር አይስማማም። የመቃብር ድንጋይ ደግሞ ከ«ዲ ኤም» በኋላ ወዲያው የሟቹን ስም ያመጣል። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ አይደለም፤ ንግሥት የምትባል ጎረቤት ያለው ሰው ቤተ መንግሥት አጠገብ እኖራለሁ አይልም። ልዩነቱ በላቲን ድንጋይ ላይ ሁሉም ፊደል ትልቅ ስለሆነ የስምና የተራ ቃል ልዩነት በጽሕፈቱ አይታይም፤ በአማርኛም እንዲሁ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንምና እኔ ልጠነቀቅ ይገባኝ ነበር።

ሁለተኛው ስሕተት መስመርን እንደ ዐረፍተ ነገር መቁጠር ነው። ሁለተኛው መስመር «ባራቴስ ፓልሚሬኑስ ናቲዮኔ» ብሎ ስለሚያልቅ «ባራቴስ፣ በትውልዱ ፓልሚራዊ» ብዬ ዘጋሁት፤ ያን ጊዜ «ካቱዋላውና» ባለቤት አጥቶ ሦስተኛ ሰው መሰለ። ቀራጩ መስመር የሚሰብረው ግን ቦታ ሲያልቅበት እንጂ ሐሳብ ሲያልቅ አይደለም። ቁልፉ በቃላቱ መጨረሻ ላይ ነው፦ «ፓልሚሬኑስ» በ«ኡስ» ስለሚያልቅ የወንድ ቅጽል ነው፤ ከባራቴስ ጋር ይሄዳል። «ካቱዋላውና» በ«አ» ስለሚያልቅ የሴት ቅጽል ነው፤ ከሬጊና ጋር ይሄዳል። «ናቲዮኔ» ማለትም «በትውልድ» የሚለው ቃል ከሚቀጥለው የወገን ስም ጋር ሲነበብ «ናቲዮኔ ካቱዋላውና»፣ በትውልዷ ካቱቬላውናዊት፣ ይሆናል። በዚህ ንባብ 30 ዓመቱም የእርሷ ዕድሜ ነው።

ከዚያ በኋላ የቀረው የሰዋስው ችግር የእኔ ሳይሆን የድንጋዩ ነው። በአማርኛ «ለሬጊና» ስንል «ለ»ን ከፊት እንጨምራለን፤ ላቲን ግን ይህን የሚገልጸው የቃሉን መጨረሻ በመለወጥ ነው። ለእርሷ የቆመ ሐውልት ቢሆን ኖሮ ስሟ፣ «ሊቤርታ»ም ጭምር፣ በ«አ» ሳይሆን በ«ኤ» ድምፅ ባለቀ ነበር፤ «ኮንዩጌ»ም «ኮንዩጊ» በሆነ ነበር። ድንጋዩ ላይ ያለው መጨረሻ ከአገባቡ ጋር አይገጥምም። ስሕተቱን የሠራው ጽሑፉን የሰጠው ሰው ይሁን ቀራጩ ድንጋዩ አይነግረንም፤ ላቲን በዚያ ቦታ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ላልሆኑ ብዙ ሰዎች የጋራ ቋንቋ እንደነበረ ግን ይታወቃል። ተርጓሚ እንዲህ ዓይነት ስሕተት ሲያገኝ የታሰበውን ትርጉም ይጽፋል፤ ስሕተቱን በአማርኛ ደግሞ መሥራት አንባቢን ማደናገር ብቻ ነው። መኖሩን ግን በማስታወሻ መግለጽ ይገባል።

## አራተኛው መስመር

ከታች ያለው መስመር የፓልሚራ ጽሕፈት ነው፤ ቋንቋው አራማይክ፣ አነባበቡ ከቀኝ ወደ ግራ። ፓልሚራ በሶርያ በረሃ ያለችው ከተማ ስትሆን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ተድሞር በሚለው ስሟ ያውቃታል። ይህን ጽሕፈት እኔ አላነብም፤ ስለዚህ የራሴን የላቲን ግልባጭ ከጨረስሁ በኋላ የብሪታንያ የሮማውያን ጽሑፎች ስብስብ ውስጥ ድንጋዩን ፈለግሁ። የተመዘገበበት ቁጥር RIB 1065 ሲሆን የሊቃውንቱ ንባብና ትርጉም አብሮ አለ። የራሴን ቀድሜ መገልበጤ ስሕተቴን ለማየት ጠቀመኝ፤ የሌላውን ንባብ አስቀድሜ አይቼ ቢሆን ኖሮ ዓይኔ የሚያየው እርሱን ብቻ ነበር።

የፓልሚራ ጽሕፈት እንደ ጥንቱ ግዕዝ አናባቢ የለውም፤ ተነባቢዎቹ ብቻ ይጻፋሉ። በእኛ ፊደል ሲቀመጥ መስመሩ ይህን ይመስላል፦ ረገየነአ፣ በተ ሐረየ፣ በረዐተአ፣ ሐበለ። ሐን ከሀ፣ ዐን ከአ ለይቶ የሚጽፍ ፊደል ስላለን ይህን መስመር ምንም ተጨማሪ ምልክት ሳንፈልግ መጻፍ መቻላችን ደስ ይላል።

የመጀመሪያው ቃል ሬጊና የሚለው ስም ነው፤ ስለ ንግሥቲቱ የነበረኝ ቅሪት ጥርጣሬም እዚህ ላይ አበቃ፤ ስም ባይሆን ኖሮ «ንግሥት» የሚለው በአራማይክ ቃሉ ሊጻፍ ይችል ነበርና። ሦስተኛው የባራቴስ ስም ነው፤ መጀመሪያው ላይ ያለው «በር» በአራማይክ ልጅ ማለት ነው። የመጨረሻው ቃል «ሐበል» በፓልሚራ የመቃብር ድንጋዮች መጨረሻ ላይ የሚገባ የልቅሶ ቃል ነው።

የከበደው «በተ ሐረየ» ነው። ቃል በቃል «የነጻ ሰው ሴት ልጅ» ማለት ሲሆን «ሐረየ» የሚለው ሥር በእኛ «ሐርነት»፣ «አርነት» ውስጥ ያለው ነው። አማርኛ አዋቂ ይህን ሲያይ ወዲያው «የጨዋ ልጅ» ብሎ ሊተረጉመው ይችላል፤ እኔም ለአፍታ ደስ ብሎኝ እንደዚያ ጽፌ ነበር። የጨዋ ልጅ ግን ነጻ ሆና የተወለደች ናት፤ በፓልሚራ አነጋገር «የሐረየ ልጅ» የሚባለው ከባርነት የወጣ ሰው ነው። ሥሩ አንድ ሆኖ ትርጉሙ ተቃራኒ ወጣ። ይህን ያቀናልኝ ከላይ ያለው «ሊቤርታ» ነው፤ ሁለቱ መስመሮች ስለ አንዲት ሴት ስለሚናገሩ በአንዱ ነጻ የወጣች፣ በሌላው ነጻ የተወለደች ልትሆን አትችልም።

## የአማርኛ ቃላት ምርጫ

ቀሪው ሥራ ከመምህሯ ጋር በስልክ የተደረገ ውይይት ነበር። «ዲስ ማኒቡስ»ን በተመለከተ «ነፍስ ይማር ብንለውስ?» አለችኝ። በመቃብር ላይ ለእኛ የሚመጣልን ቃል እርሱ ስለሆነ ሐሳቧ ገባኝ፤ ነገር ግን «ነፍስ ይማር» ስለ ሟቹ ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ልመና ነው፤ የሮማውያኑ ደግሞ ድንጋዩን እንደ አማልክት ለሚከበሩት ለሙታን ለራሳቸው የሚሰጥ ነው። «መናፍስት» የሚለውንም ተውነው፤ ልጆቹ ከክፉ መናፍስት ጋር ያያይዙታልና። «ለሙታን ነፍሳት» ላይ ተስማማን፤ የአምልኮው ነገር በማስታወሻ ተጻፈ።

«ሊቤርታ» ይበልጥ አስጨነቃት። «ባሪያ» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ስድብ ሆኖ ሰውን ያቆሰለ ስለሆነ ልጆች ፊት ማንበብ አልፈለገችም፤ «አገልጋይ ይሁን» አለች። ይህን ግን መቀበል አልቻልሁም። አገልጋይ በፈቃዱ የሚያገለግል ሰው ነው፤ በቤተ ክርስቲያንም የክብር ስም ነው። ሬጊና ተሸጣ የተገዛች ወይም ባሪያ ሆና የተወለደች ሰው ነበረች፤ ያንን ከትርጉሙ ማውጣት የእርሷን ሕይወት ማውጣት ነው። በመጨረሻ «ከባርነት አርነት የወጣች» አልነው፤ የደረሰባትን ሁኔታ በስሙ ይጠራል፣ እርሷን ግን በዚያ ስም አይጠራትም።

«ናቲዮኔ»ን «ብሔር» ወይም «ዜግነት» ላለማለት ወሰንሁ፤ ሁለቱም ዛሬ የሚሸከሙት የፖለቲካ ክብደት በድንጋዩ ላይ የለም። «ትውልዷ ከካቱቬላውኒ ወገን» በቂ ነው። ካቱቬላውኒ በደቡብ ምሥራቅ ብሪታንያ የነበረ ነገድ ስለሆነ የወገኗ አገር ድንጋዩ ከቆመበት የሰሜን ጠረፍ ሩቅ ነው።

አንድ ረቂቅ ላይ ሁለቱን ቋንቋዎች አዋሕጄ አንድ ጽሑፍ አድርጌያቸው ነበር፤ ያማረ ንባብ ቢሆንም ሐሰተኛ ነበር። ላቲኑ ሚስቱ መሆኗን፣ ወገኗንና ዕድሜዋን ይናገራል፤ ልቅሶ የለበትም። አራማይኩ ሚስቱ መሆኗንም ሆነ ዕድሜዋን አይናገርም፤ የሚያለቅሰው ግን እርሱ ነው። በዚያ ጠረፍ ይህን መስመር ሊያነቡ የሚችሉ ሰዎች ጥቂት እንደሚሆኑ እያወቀ ባራቴስ በገዛ ፊደሉ አስቀረጸው። ስለዚህ ለየብቻ ተቀመጡ፦

«ለሙታን ነፍሳት። ከባርነት አርነት ለወጣችው ሚስቱ ለሬጊና፤ ትውልዷ ከካቱቬላውኒ ወገን፣ ዕድሜዋ 30 ዓመት። የፓልሚራው ሰው ባራቴስ (አቆመው)።»

«ሬጊና፣ ባራቴስ አርነት ያወጣት፤ ወየው!»

በክብ ቅንፍ ያለው «አቆመው» እኛ የጨመርነው እንጂ በድንጋዩ ላይ የለም።

## ከትርጉሙ ውጭ የቀረ ነገር

መምህሯ ባራቴስ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ጠየቀች። ከሳውዝ ሺልድስ በስተ ምዕራብ ኮርብሪጅ በሚባል ቦታ የአንድ ፓልሚራዊ የመቃብር ድንጋይ ተገኝቷል፤ በ68 ዓመቱ እንደሞተ ይናገራል፤ ስሙ በከፊል ተሰብሮ መጨረሻው «ራቴስ» ይላል፤ ሥራውም ከጦር ሠራዊት ሰንደቅ ጋር የተያያዘ ነው። ብዙዎች አንድ ሰው ነው ይላሉ፤ ምናልባትም ነው። ስሙ ግን በፓልሚራውያን ዘንድ የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም፤ ሁለቱን ድንጋዮች የሚያገናኝ ጽሑፍም የለም። በመጀመሪያ ማስታወሻዬ ላይ «ባለቤቷ በኮርብሪጅ ተቀበረ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ አወጣሁት። የሬጊና ድንጋይ ባሏ ወታደር ይሁን ነጋዴ፣ እርሷ በምን እንደሞተች፣ ልጅ ይኑራት አይኑራት አይናገርም።

## ለሌላ ድንጋይ የሚያገለግል

ፎቶ የሚልክ ሰው ድንጋዩን በሙሉ፣ ጠርዞቹ እስኪታዩ ያንሣ፤ ጭረት የሚመስለውንም አይቁረጥ። ብርሃን ከጎን ይምጣ፤ ከሁለት አቅጣጫ ይደገም። የተቀበለው ሰው ደግሞ መጀመሪያ ፊደሉን ይገልብጥ፣ ከዚያ ምሕጻረ ቃላቱን ይፍታ፣ የታተመ ንባብ ካለ ከዚህ በኋላ ብቻ ያመሳክር።

በላቲን ጽሑፍ ላይ ትርጉም ያለው ስም ሲገኝ መጀመሪያ ስም መሆኑን መጠርጠር ይሻላል፤ «ፌሊክስ»፣ «ቪክቶር» እና «ሬጊና» ሁሉም ተራ ቃላትም ናቸው። የመስመር መጨረሻን እንደ አራት ነጥብ አለማንበብ፣ የቃላቱን መጨረሻ ደግሞ በጾታ ማጣመር ብዙ ያድናል። በሴማዊ ቋንቋ የተጻፈ ነገር ላይ አማርኛ አዋቂ መሆን እርዳታም ወጥመድም ነው፤ ሥሩ የታወቀ ሲመስል ያ ቃል በዚያ ከተማ ጽሑፎች ውስጥ በምን አገባብ እንደሚገባ ማየት ያስፈልጋል።

ልጆቹ እጅ የገባው ወረቀት ሁለት ዓምድ አለው፤ በግራ የላቲኑ፣ በቀኝ የአራማይኩ ትርጉም፤ ከታች RIB 1065 የሚለው ቁጥር ተጽፏል፤ ማንም ሰው የእኛን ንባብ ከሊቃውንቱ ጋር እንዲያስተያይ። መምህሯ አራተኛውን መስመር አጉልታ አትማ ከጎኑ ለጠፈችው፤ ልጆቹም «ር» በሦስት ቃላት ውስጥ እንዳለ በጣታቸው እየቆጠሩ አገኙት።